የ180,000 ብሩ ልዩነት፦ አንድ የኪራይ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

የአንድ የኪራይ ውል የመጀመሪያ ዓመት የወለድ ወጪ ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ክፍል በዋናነት ሁለት መልስ ወጣ። ግማሾቹ 513,900 ብር አሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ 693,900 ብር። ልዩነቱ ልክ 180,000 ብር ነው። የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለ ክብ ልዩነት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ መሆኑን ይጠረጥራልና። ችግሩ በዚህ ጥያቄ ውስጥ 180,000 ብር የሚያህል ሌላ ቁጥርም ነበረ፣ ተማሪዎቹም የሄዱት ወደዚያኛው ነው።

ክፍሉ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ከሥራ በኋላ የሚመጡ፣ ለኤሲሲኤ የሒሳብ ሙያ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች ናቸው፦ ከባንክ፣ ከአስመጪ ድርጅት፣ ከኦዲት ቢሮ። አብዛኞቹ የኪራይ ውልን በየቀኑ ያያሉ። የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ምክንያት ለአገራችን ድርጅቶች የፈተና ጉዳይ ብቻ መሆናቸው ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ያዘጋጀሁት የፈተናውን አቀራረብ ጠብቄ፣ ነገር ግን የአዲስ አበባ የንግድ ቤት ኪራይ በሚመስል ውል ላይ ተመሥርቼ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል።

አንድ የኅትመት ድርጅት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ ሕንፃ አንድ ወለል ይከራያል። ውሉ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ሲሆን ለሦስት ዓመት የሚሰረዝ አይደለም። ሦስቱ ዓመት ሲያበቁ ተከራዩ ከፈለገ በዚያው ዋጋ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ማራዘም ይችላል። ኪራዩ በዓመት 1,380,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል። የሚከፈለው በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን፣ በቅድሚያ ነው። ድርጅቱ ለታክሱ የተመዘገበ በመሆኑ የከፈለውን ታክስ ያቀናንሳል። ለደላላ 60,000 ብር ከፍሏል፤ ከዚህ ውስጥ 20,000 ብሩን አከራዩ በዕለቱ መልሶለታል። ሲለቅ የሠራቸውን ግድግዳዎች አፍርሶ ወለሉን እንደነበረ ማስረከብ አለበት፤ የዚህ ወጪ የአሁን ዋጋ 140,000 ብር ተገምቷል። ወለሉን ለኅትመት ሥራ ለማመቻቸት 2,000,000 ብር አውጥቷል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩና የማሽኑ መሠረት ተነቅለው የሚወሰዱ አይደሉም፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ገና ብዙ ያገለግላሉ። አከራዩ የሚያገኘው የወለድ ምጣኔ አይታወቅም። ባንክ ለዚህ ድርጅት፣ ለተመሳሳይ ጊዜና በተመሳሳይ ዋስትና በ15 በመቶ ያበድራል። የድርጅቱ የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ድረስ ያለውን አስተናግዱ።

ክርክሩ ሲነሳ አንዱ ወጣት ፈጥኖ መልስ ሰጠ። «መምህር፣ 180,000 ብሩ እኮ ታክሱ ነው። 1,200,000 ሲባዛ በ15 በመቶ ልክ 180,000 ይመጣል። 693,900 ያሉት ታክሱን ሳይቀንሱ ቀርተው ነው።» ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ግን አይገጥምም። ታክሱን ሳያወጣ በ1,380,000 ብር የሠራ ሰው ሁሉም ክፍያው በ15 በመቶ ስለሚያብጥ ወለዱም በ15 በመቶ ያብጣል፤ 513,900 ብር ወደ 590,985 ብር ያድጋል እንጂ 693,900 አይደርስም። ልዩነቱ 77,085 ብር ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ሁለቱም ወገኖች ወረቀታቸው ላይ የተጠቀሙት 1,200,000 ብርን ነበር። ታክሱን ሁሉም በትክክል አውጥተውታል።

ታክሱ ለምን እንደሚወጣ ግን ባጭሩ ማየት ይገባል። የኪራይ ክፍያ ማለት ተከራዩ በንብረቱ ለመጠቀም ለአከራዩ የሚከፍለው ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስን አከራዩ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባዋል እንጂ የኪራይ ዋጋ አይደለም። ይህ ድርጅት ደግሞ የከፈለውን መልሶ ያቀናንሳል። ስለዚህ ሐምሌ 1 ቀን የወጣው 180,000 ብር ተቀናናሽ ታክስ ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል፣ ከኪራዩ ስሌት ውስጥ አይገባም። የቀረውን ሥራ ሁሉ በ1,200,000 ብር እንሠራለን።

ወደ ልዩነቱ ምክንያት ከመሄዳችን በፊት የሚወሰን አንድ ነገር አለ፤ የውሉ ዘመን ስንት ነው? ከጀርባ የተቀመጡት እናት፣ የባንክ ባለሙያ ናቸው፣ ሦስት ዓመት አሉ። «የፈረምነው ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱን ዓመት ስንደርስበት እናየዋለን» ነበር አነጋገራቸው። በቢሮ ቋንቋ ይህ ጥንቃቄ ይመስላል። የኪራይ ውልን የሚመለከተው ስታንዳርድ፣ አይኤፍአርኤስ 16፣ ግን የሚጠይቀው የፈረምነውን ብቻ አይደለም። ማራዘሚያውን ተከራዩ እንደሚጠቀምበት በበቂ ደረጃ እርግጠኛ ከሆንን የማራዘሚያው ጊዜም የውሉ ዘመን አካል ነው ይላል። ይህንን የምንፈርደው በሥራ አስኪያጁ ምኞት ሳይሆን ተከራዩን እንዲቆይ የሚያስገድደውን ኢኮኖሚያዊ ምክንያት በመመርመር ነው።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ምክንያቶቹ ተሰጥተዋል። ድርጅቱ 2,000,000 ብር ወለሉ ላይ አፍስሷል፣ ነቅሎም አይወስደውም። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢለቅ ገና የሚያገለግል ሀብት ጥሎ ይሄዳል። የማራዘሚያው ዋጋም ሳይጨምር በዚያው ተወስኗል፤ የአዲስ አበባ ኪራይ ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። እኚያ እናት «እንግዲያው ሁለት ሚሊዮን ብሩ ባይኖርስ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያኔ መልሱ ወደ ሦስት ዓመት ሊያዘነብል ይችላል። ፈተና አዘጋጆች ይህንን ያውቃሉ። የወለል ማመቻቻ ወጪን በጥያቄ ውስጥ ካየህ ብዙውን ጊዜ የገባው ለማስዋብ ሳይሆን ዘመኑን እንድትወስንበት ነው። በነገራችን ላይ፣ 2,000,000 ብሩ ራሱ፣ ተከራዩ በወለሉ የመጠቀም መብቱን በሚመዘግብበት የመጠቀም መብት ሀብት ውስጥ አይገባም፤ የድርጅቱ ቋሚ ንብረት ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል። ሁለት ተማሪዎች አስገብተውት ነበር።

የወለድ ምጣኔው አላከራከረም። አከራዩ ከውሉ የሚያገኘው ምጣኔ ቢታወቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ለማስላት የሕንፃውን ዋጋና በውሉ መጨረሻ የሚቀረውን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ተከራይ ደግሞ ይህንን አያገኘውም። ስለዚህ ተከራዩ ራሱ ተመሳሳይ ገንዘብ ለተመሳሳይ ጊዜ ቢበደር የሚጠየቀው ምጣኔ ይሠራል፤ 15 በመቶ።

አሁን ወደ 180,000 ብሩ። አምስት ክፍያዎች አሉ፦ ሐምሌ 1 ቀን 2016፣ 2017፣ 2018፣ 2019 እና 2020። የመጀመሪያው የሚከፈለው ውሉ በሚጀምርበት ዕለት ነው። ስታንዳርዱ የኪራይ ዕዳን ሲተረጉም ውሉ በጀመረበት ቀን ገና ያልተከፈሉ ክፍያዎች የአሁን ዋጋ ነው ይላል። «ገና ያልተከፈሉ» የምትለዋን ሐረግ ብዙ ሰው አንብቦ ያልፋታል። የመጀመሪያው 1,200,000 ብር ሐምሌ 1 ቀን ከባንክ ወጥቷል፤ የተከፈለ ገንዘብ ዕዳ አይሆንም። ዕዳ የሚሆኑት የቀሩት አራቱ ናቸው።

አራቱ ከአንድ፣ ከሁለት፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የሚከፈሉ ስለሆኑ በ15 በመቶ የቅናሽ ማባዣዎቻቸው 0.8696፣ 0.7561፣ 0.6575 እና 0.5718 ናቸው። ድምራቸው 2.8550 ነው። በ1,200,000 ሲባዛ ዕዳው 3,426,000 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ የዚህ 15 በመቶ፣ ማለትም 513,900 ብር ነው።

ሌላው ወገን የሠራው ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍያ በማባዣ 1.0000 ይዞ አምስቱንም ደመረ፣ 4,626,000 ብር አገኘ፣ ይህንን ዕዳ ብሎ ጠራው፣ ዓመቱን ሙሉም 15 በመቶ አሰበበት። 693,900 ብር የመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱን ዕዳዎች ስናቀናንስ 1,200,000 ብር ይቀራል፤ የወለዱ ልዩነት የዚሁ 15 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በቅድሚያ በከፈሉት ገንዘብ ላይ የአንድ ዓመት ወለድ አሰቡበት። ታክሱም የ1,200,000 ብር 15 በመቶ በመሆኑ ነው ሁለቱ ቁጥሮች የተገጣጠሙት። የወለድ ምጣኔው 14 በመቶ ቢሆን ኖሮ ታክሱን ማንም አይጠረጥርም ነበር።

ይህ ስህተት የሚመጣው ከምን እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቶቹን ሰብስቤ አየሁ። አንዳንዶቹ በእጅ ሳይሆን በኤክሴል ነበር የሠሩት፣ ፈተናውም አሁን በኮምፒውተር ስለሚሰጥ አይፈረድባቸውም። የጻፉት ይህንን ነው፦

```
=PV(0.15,5,-1200000,0,1)
```

የመጨረሻዋ 1 ክፍያው በዓመቱ መጀመሪያ መሆኑን ትነግረዋለች። ቀመሩ ያለምንም ስህተት 4,625,974 ብር ይመልሳል። ግን የመለሰው የአምስቱንም ክፍያ የአሁን ዋጋ ነው እንጂ የኪራይ ዕዳውን አይደለም። ዕዳውን ለማግኘት ወይ ከዚህ ላይ 1,200,000 ብሩን መቀነስ፣ ወይም ከመጀመሪያውኑ የቀሩትን አራት ክፍያዎች ብቻ መስጠት ያስፈልጋል፦

```
=PV(0.15,4,-1200000)
```

ይህ 3,425,974 ብር ይሰጣል። ቀደም ሲል በማባዣዎቹ ካገኘነው መልስ የሚለየው በ26 ብር ነው፤ ያ ደግሞ ማባዣዎቹ በአራት አኃዝ ስለተጠጋጉ ነው። አንድ ተማሪ ሦስተኛ መንገድ ሄዶ ነበር፤ የአምስት ዓመት ማባዣ 3.3522 ወስዶ 4,022,640 ብር አገኘ። እርሱ ክፍያዎቹን ሁሉ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ገፍቷቸዋል። ጥያቄው «በቅድሚያ» ይላል፤ እርሱ ግን አላነበባትም።

ከዚህ በኋላ የመጠቀም መብት ሀብቱን መገንባት ቀላል ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ክፍያ የሚሄድበት ቦታ አለው። ሀብቱ የሚጀምረው ከዕዳው ነው፣ 3,426,000 ብር። በዚያ ላይ ውሉ በጀመረበት ዕለት ወይም ከዚያ በፊት የተከፈለው ኪራይ ይጨመራል፣ 1,200,000 ብር። 4,626,000 ያሉት ተማሪዎች ቁጥራቸው የተሳሳተ አልነበረም፤ ዕዳ ብለው የጻፉት ሀብት ነበር።

የደላላው 60,000 ብር ይጨመራል። መለኪያው ይህ ነው፤ ውሉ ባይፈረም ኖሮ ወጪው ይቀር ነበር ወይ? የደላላ ኮሚሽን ውሉ ሲፈረም ብቻ የሚከፈል ስለሆነ መልሱ አዎ ነው። ቤት ለመፈለግ የተላከ የራስ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ቢፈረምም ባይፈረምም ስለሚከፈል አይጨመርም። አከራዩ የመለሰው 20,000 ብር ለተከራዩ የተሰጠ ማበረታቻ ነውና ይቀነሳል። አንዷ ተማሪ ይህንን 20,000 ብር ሌላ ገቢ ብላ ወደ ትርፍና ኪሳራ ልካዋለች። ገንዘቡ በእጅ ስለገባ ገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን ወለሉን ለማግኘት የወጣውን ወጪ ከመቀነስ የተለየ ነገር አልሠራም። በመጨረሻም ወለሉን ወደነበረበት የመመለስ ግዴታ 140,000 ብር ይጨመራል። ይህ ከኪራይ ዕዳው ጋር አይደባለቅም፤ ከሀብቱ ጋር ይደመርና በሌላ በኩል ለብቻው መጠባበቂያ ሆኖ ይቆማል።

ድምሩ 4,806,000 ብር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 የሚመዘገበው፣ ታክሱን ለጊዜው ትተን፣ እንዲህ ነው፤ የመጠቀም መብት ሀብት ዴቢት 4,806,000፣ የኪራይ ዕዳ ክሬዲት 3,426,000፣ መጠባበቂያ ክሬዲት 140,000፣ ባንክ ክሬዲት 1,240,000። የባንኩ ቁጥር 1,200,000 ኪራይና 60,000 ኮሚሽን ሲደመር፣ የተመለሰው 20,000 ሲቀነስ የሚመጣው ነው። ሁለቱ ወገን እኩል መሆናቸው ብቻ ሥራው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ዕዳ ውስጥ ያስገባ ተማሪም ባንኩን 40,000 ብቻ ክሬዲት አድርጎ ሚዛኑን ጠብቋል። በዕለቱ የወጣውን 1,200,000 ብር ግን የትም አልመዘገበውም።

ሀብቱ ለአምስት ዓመት በእኩል መጠን ይቀነሳል። ንብረቱ በመጨረሻ ወደ ተከራዩ ስለማይዞር ሕንፃው ሃምሳ ዓመት ቢቆምም የሚቆጠረው የውሉ ዘመን ነው። 4,806,000 ለአምስት ሲካፈል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 961,200 ብር ይሆናል፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 የሚቀረው የሀብቱ ዋጋ ደግሞ 3,844,800 ብር ነው።

የዕዳው ጉዞ ይህንን ይመስላል። በቅድሚያ የሚከፈል ኪራይ ስለሆነ በየዓመቱ መጀመሪያ ክፍያው ይቀነሳል፣ ወለዱ የሚታሰበው ከክፍያው በኋላ በቀረው ላይ ነው።

| የሒሳብ ዓመት | ሐምሌ 1 ከክፍያ በኋላ | የዓመቱ ወለድ | ሰኔ 30 |
|---|---|---|---|
| 2016/17 | 3,426,000 | 513,900 | 3,939,900 |
| 2017/18 | 2,739,900 | 410,985 | 3,150,885 |
| 2018/19 | 1,950,885 | 292,633 | 2,243,518 |
| 2019/20 | 1,043,518 | 156,528 | 1,200,046 |

ሐምሌ 1 ቀን 2020 የመጨረሻው 1,200,000 ብር ሲከፈል 46 ብር ገደማ ይተርፋል። የማባዣዎቹ መጠጋጋት ያመጣው ነው፣ አያሳስብም። በፈተና ላይ ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው መሥራት አያስፈልግም፤ በቤት ስትለማመዱ ግን ሥሩት። ቀሪው በጥቂት ብሮች ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ዕዳው ሲጀመርም ስህተት ነበረበት ማለት ነው። 4,626,000 ብሎ የጀመረ ተማሪ በተመሳሳይ መንገድ ቢቀጥል መጨረሻ ላይ ያልተከፈለ፣ ማንም የማይጠይቀው ከ2,000,000 ብር በላይ ዕዳ ይቀርበታል።

ሠንጠረዡ ሁለተኛ ወጥመድ አለው፣ በእኔ እይታ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን በትክክል ያለፉትም ወድቀውበታል። ሰኔ 30 ቀን 2017 ያለው ዕዳ 3,939,900 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ስንት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈለውስ? ብዙዎች ልማዱን ተከተሉ፤ የሚቀጥለውን ሰኔ 30 አይተው 3,150,885 ብሩን የረጅም ጊዜ፣ ልዩነቱን 789,015 ብር የአጭር ጊዜ አሉት። ክፍያ በዓመቱ መጨረሻ ሲሆን ይህ ልማድ ይሠራል። እዚህ ግን አይሠራም።

ሰኔ 30 ማታ የቆመ ሰው ያስብ። ነገ፣ ሐምሌ 1፣ 1,200,000 ብር ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ነው፣ ይህም ከአንድ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ወራት የሚወጣው 1,200,000 ብሩ ብቻ ነው፣ ሙሉው። የአጭር ጊዜ ዕዳው 1,200,000፣ የረጅም ጊዜው ደግሞ 2,739,900 ብር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በሠንጠረዡ ሁለተኛ ረድፍ «ከክፍያ በኋላ» በሚለው ስር ተጽፎ ይገኛል። 3,150,885 ብሩ ትክክል ሊሆን የማይችለው ገና ያልደረሰውን የሚቀጥለውን ዓመት ወለድ 410,985 ብር ስለያዘ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያ ወለድ ዕዳ አይደለም። የ1,200,000 ብሩን ውስጥ ለከፈተ ሰው ደግሞ 513,900 ብሩ በዓመቱ የተጠራቀመው ወለድ፣ 686,100 ብሩ ዋናው ነው።

የመጠባበቂያውም ዋጋ በዓመቱ በ15 በመቶ ያድጋል፤ ጥያቄው ሌላ ምጣኔ ስላልሰጠ። 140,000 ብሩ 161,000 ይሆናል፣ 21,000 ብሩም ከገንዘብ ወጪ ጋር ይደመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍና ኪሳራ የሚሸከመው 961,200 የእርጅና ቅናሽ፣ 513,900 የኪራይ ዕዳ ወለድና 21,000 የመጠባበቂያ ወለድ፣ በድምሩ 1,496,100 ብር ነው። የባንክ ባለሙያዋ እናት ቁጥሩን አይተው «እኛ የከፈልነው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነው፣ ይህንን ለሥራ አስኪያጅ እንዴት ነው የማስረዳው?» አሉ። የሚባለው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱም ይበዛል፣ በኋላ ይቀንሳል ነው። በአምስተኛው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ዕዳው ስለሚያልቅ የዓመቱ የኪራይ ዕዳ ወለድ ዜሮ ነው። አምስቱን ዓመት ከደመሩ፣ ከማፍረሻ ወጪውና ከኮሚሽኑ በቀር፣ ወጪው ከተከፈለው 6,000,000 ብር አይበልጥም።

ፈተና አራሚ ስህተትን የሚቀጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ዕዳውን ያበላሸ ተማሪ በራሱ ቁጥር ወለዱንና እርጅናውን በትክክል ከቀጠለ የዚያን ነጥብ ያገኛል። ለዚህም ነው የስሌቱን ደረጃዎች ማሳየት የሚያዋጣው። ቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

ከክፍል ስንወጣ ከአስመጪ ድርጅት የመጣው ወጣት አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የእነርሱ አከራይ የሚቀበለው በየስድስት ወሩ በቅድሚያ ነው፣ እንደ ብዙ የመርካቶና የካዛንቺስ አከራዮች። «15 በመቶውን ለሁለት ከፍዬ በ7.5 በመቶ ልሥራ?» አለኝ። የሚወሰነው 15 በመቶው ምን እንደሆነ ነው። የዓመት ሙሉ ወለድ ከሆነ የስድስት ወሩ ምጣኔ የ1.15 ካሬ ሥር ሲቀነስ 1 ነው፣ ይህም 7.238 በመቶ። የጥያቄያችን ኪራይ በየስድስት ወሩ 600,000 ብር እየሆነ ቢከፈል፣ ከአሥሩ ክፍያዎች የሚቀሩት ዘጠኙ በዚያ ምጣኔ 3,869,900 ብር ገደማ ያህላሉ፤ በ7.5 በመቶ ግን 3,827,300 ብር ገደማ። ልዩነቱ ከ42,500 ብር አያንስም። ባንኩ 15 በመቶውን ያለው በየስድስት ወሩ 7.5 በመቶ እያሰበ ከሆነ ግን የሚሠራው ሁለተኛው ነው። የብድር ውሉ የሚጻፍበት ሁኔታ ይህንን ይነግራል፤ ወጣቱም ከባንኩ የመጣውን ደብዳቤ አምጥቶ እንዲያሳየኝ ተስማምተን ተለያየን።